ስፒከርን ፈታትቶ በአየር ላይ ማንሳፈፍ፦ የካሜራው ቦታና ክፍተቶቹ

ቱሉ ዲምቱ ሰፈራችን ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጡ አንድ ነጋዴ የብሉቱዝ ስፒከራቸው ባትሪ ጎልቶ የሚታይበት ማስታወቂያ ስላዘዙኝ፣ ሰሞኑን ብሌንደር በሚባለው የ3D ምስል መሥሪያ ፕሮግራም የምሠራው የውስጥ ዕቃዎቹ ተራርቀው የሚንሳፈፉበትን ምስል ነው። ስፒከሩን ፈትቼ ሁሉንም በካሊፐር ከለካሁ በኋላ የፊት መረቡን፣ ድምፅ አውጪውን ከነማግኔቱ፣ ቦርዱን፣ 18650 የሚባለውን ባትሪ እና የኋላ ሽፋኑን በ40 ሳንቲ ሜትር መስመር ላይ ደረደርኳቸው።

ብዙ ያስተማረኝ የካሜራው ቦታ ነው። ካሜራው ከመስመሩ በ60 ዲግሪ ዞሮ ሲያይ፣ የመጨረሻው ዕቃ ከመጀመሪያው በ20 ሳንቲ ሜትር ይርቀዋል። እንግዲህ ካሜራው ከፊት መረቡ 60 ሳንቲ ሜትር ላይ ቢቆም፣ ሽፋኑ 80 ላይ ስለሚሆን፣ ሁለቱም 8 ሳንቲ ሜትር ስፋት እያላቸው ሽፋኑ የ6 ሳንቲ ሜትር ያህል ሆኖ ይታያል፤ ተመልካቹም የሌላ ዕቃ ክዳን ይመስለዋል። ካሜራውን ወደ 200 ሳንቲ ሜትር አርቀን Focal Length የሚለውን የሌንስ ቁጥር ከ50 ወደ 167 ስናሳድገው፣ የመረቡ መጠን ሳይለወጥ ሽፋኑ 7.3 ያህል ይሆንና ሁለቱ እንደሚገጣጠሙ ዓይን ያምናል። Orthographic የሚለው የካሜራ ዓይነት ቢመረጥ ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ ነገር ግን ምስሉ የጥገና መመሪያ ሥዕል ስለሚመስል፣ ለማስታወቂያ ሽፋኑ በትንሹ ጠበብ ብሎ እንዲታይ እመርጣለሁ።

ነጋዴው «ባትሪውን ትንሽ አተልቀው» ብለውኝ ነበር። ገዢው ስፒከሩን ከፍቶ ሊያየው የሚችለውን ዕቃ ከመጠኑ ማሳደግ ማታለል ስለሆነ፣ «ጋሼ፣ መጠኑን አልነካም፤ ዙሪያውን ባዶ አደርግልዎታለሁ» አልኳቸው። በዚህም መሠረት ከመረቡ እስከ ድምፅ አውጪው 6፣ ከዚያ እስከ ቦርዱ 8፣ ከባትሪው ፊትና ኋላ ደግሞ 13፣ 13 ሳንቲ ሜትር ሰጠሁ። በዚህ ማዕዘን እኩል ስፋት ያላቸው ሁለት ስስ ክብ ዕቃዎች እንዳይሸፋፈኑ 4.6 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚበቃቸው፣ 6ቱ አይጠብም። ባትሪው ብቻውን የተጣለ እንዳይመስል ቀይና ጥቁር ሽቦዎቹን ሳልቆርጥ፣ በስሱ ጎበጥ አድርጌ እስከ ቦርዱ መሸጫ ነጥብ አደረስኳቸው። ብሎኖቹም ከየቀዳዳቸው ፊት ለፊት በትክክል መቆም አለባቸው፤ አንዱ ትንሽ ከዘነበለ ምስሉ በሙሉ የተዝረከረከ ይመስላል።

አሁን ዕቃዎቹ ሲገጣጠሙ የሚያሳየውን አጭር ቪዲዮ ጀምሬያለሁ። በእኛ አካባቢ መብራት ስለሚቆራረጥ ፍሬሞቹን በቀጥታ ወደ ቪዲዮ ፋይል ሳይሆን ወደ PNG ምስሎች አወጣቸዋለሁ፤ Overwrite የሚለውን ምልክት ካነሳሁ፣ የወጡት ፍሬሞች እንደገና ስለማይሠሩ መብራት ሲመለስ ሥራውን ሳስጀምረው ከቆመበት ይቀጥላል።