ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ አዋሳ፦ ለእህቴ ፔንሲዮን የሠራሁት የስፓም ማጣሪያ

እህቴ ሀዋሳ ላይ ፔንሲዮን አላት። አልጋ የሚይዙ እንግዶች በኢሜይል ይጽፉላታል፤ መሀል ላይ ደግሞ «ተሸልመዋል» የሚል ጉድ ይጎርፋል። ከቆዩት መልዕክቶች 100 ስፓምና 100 ትክክለኛ ለየን። የለየችው እሷ ናት። «ለቡድን ስንት ትቀንሳላችሁ?» የሚለው ለእኔ ስፓም ይመስላል፣ ለእሷ ግን ገበያ ነው።

ዘዴው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ቃል በስንት ስፓምና በስንት ትክክለኛ መልዕክት ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል። አዲስ መልዕክት ሲመጣ በውስጡ ያሉት ቃላት ወደየት እንደሚያደሉ አባዝቶ ማየት ነው።

«ተሸልመዋል» በ30 ስፓም ውስጥ አለ፣ በትክክለኛው በአንዱም የለም። ዜሮ ሲባዛ ሁሉንም ዜሮ ስለሚያደርግ፣ ይህ ቃል ያለበት መልዕክት ሌላው ቃል ምንም ቢል አለቀለት። ስለዚህ በቆጠራው ላይ 1፣ በጠቅላላው ላይ 2 ይጨመራል፦ 31/102 ለ1/102። ቃሉ ወደ ስፓም 31 እጥፍ ይጎትታል፣ ሌሎቹ ቃላት ግን ሊመልሱት ይችላሉ።

ዋናው ጣጣ ፊደሉ ላይ ነው። እንግዳው ሀዋሳ፣ ሐዋሳ፣ ሃዋሳ፣ አዋሳ ይጽፋል፤ ለኮምፒውተር አራት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሞክሼ ፊደላት በዩኒኮድ ሰባቱም ቅርጾቻቸው በተርታ ስለተቀመጡ አንድ ማድረጉ አጭር ነው፦

```python
pairs = ["ሐሀ", "ኀሀ", "ሠሰ", "ዐአ", "ፀጸ"]
m = {ord(a)+i: ord(b)+i for a, b in pairs for i in range(7)}
text = text.translate(m).replace("ሃ", "ሀ").replace("ኣ", "አ")
```

«አዋሳ»ን ለብቻ በእጅ ጨመርኩ።

ልዩነቱን አንድ መልዕክት ላይ እንየው፦ «ተሸልመዋል ለተባሉት ሠራተኞቻችን ሐዋሳ ክፍል እንፈልጋለን»። «ክፍል» በ49 ትክክለኛና በ4 ስፓም ስላለ ወደ ትክክለኛው 10 እጥፍ ይስባል። «ሐዋሳ» በዚህ አጻጻፍ በ4 ትክክለኛ ብቻ ነበረ፣ 5 እጥፍ። 5 ሲባዛ በ10፣ 50 ለ31፤ ለጥቂት ተረፈ። አጻጻፎቹ ሲዋሀዱ ግን 59 ትክክለኛና 2 ስፓም ሆኑ፣ 20 እጥፍ። አሁን 200 ለ31 ነው። የቀሩት ቃላት ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሆኑ ትቻቸዋለሁ።

«ከሀዋሳ»፣ «በሀዋሳ» የሚለውስ? የመጀመሪያውን ፊደል ዝም ብሎ መቁረጥ «ከተማ»ን «ተማ» ያደርገዋል። የምቆርጠው የሚቀረው ራሱን ችሎ ከተቆጠሩት ቃላት ውስጥ ካለ ብቻ ነው።

እኩል ለእኩል ሲሆን ወዲያው ስፓም አልለውም። የአንድ ቡድን አልጋ ከሚጠፋ አሥር ማስታወቂያ ቢገባ ስለሚሻል፣ ወደ ስፓም ቢያንስ 20 እጥፍ ካላደላ መልዕክቱ ከሳጥኑ አይወጣም። ጽሑፍ ሳይኖራቸው በፎቶ ብቻ የሚመጡትን ግን ማጣሪያው አያያቸውም፤ እነሱን እህቴ አሁንም በእጇ ትሰርዛለች።