የፓምፕ ንዝረትን ወደ ክላውድ ከመላክ እዚያው ማስላት፦ እንዴት እንደሠራሁት

ሥራው ወረቀት ላይ ቀላል ነበር። አሥራ ሁለት የውሃ ፓምፖች አሉ። በየሞተሩ ላይ የንዝረት ሴንሰር ይገጠማል፤ ዳታው ወደ ክላውድ ይሄዳል፤ ኩሽኔታ መበላት ሲጀምር ሲስተሙ ያሳውቃል። ሥዕሉ ላይ ከሴንሰሮቹ ወደ ክላውዱ አንዲት ቀስት ተስላለች። እኔም መጀመሪያ ያደረግኩት ያቺ ቀስት ስንት ባይት እንደምትሸከም ማስላት ነው።

የመረጥነው ሴንሰር ኤዲኤክስኤል345 የሚባለው ርካሽ አክስለሮሜትር ነው። በሰከንድ እስከ 3,200 ጊዜ ይለካል። የሚለካው በሦስት አቅጣጫ ነው፤ እያንዳንዷ ልኬት 2 ባይት ትይዛለች። ስለዚህ አንድ ሴንሰር በሰከንድ 19,200 ባይት ያወጣል። ሲያዩት ትንሽ ነው። በቀን ግን 1.66 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል፤ የአሥራ ሁለቱ ሲደመር ወደ 20 ጊጋባይት ይጠጋል። ይህን በሞባይል ኔትወርክ ለመላክ ሌት ተቀን በሰከንድ 1.8 ሜጋቢት ያለማቋረጥ መጫን ያስፈልጋል። ያውም ጥሬ ባይት ሆኖ ከሄደ ነው። በጄሰን ጽሑፍ ከተላከ መጠኑ በእጥፍ ድርብ ያድጋል።

«ታዲያ ልኬቱን ለምን አንቀንስም?» የሚል ጥያቄ ወዲያው ተነሳ። መልሱ ያለው ኩሽኔታው ውስጥ ነው። ሞተሮቻችን በደቂቃ 1,450 ጊዜ ይዞራሉ፤ በሰከንድ 24.2 ዙር ማለት ነው። ያላቸው ኩሽኔታ 6205 ነው፣ ባለ ዘጠኝ ኳስ። የውጭ ቀለበቱ ላይ አንዲት ትንሽ ጉድጓድ ከተፈጠረች ሻፍቱ አንድ ዙር ሲዞር ኳሶቹ በአማካይ 3.58 ጊዜ ይመቷታል። ስለዚህ ጉዳቱ በሰከንድ 86.6 ጊዜ ያንኳኳል። አንድን ድግግሞሽ በትክክል ለማየት ደግሞ ቢያንስ ከእጥፉ በላይ መለካት ግድ ነው። በሰከንድ አንዴ የሚለካ ሴንሰር ይህን ማንኳኳት በጭራሽ አያየውም። ባስ ሲልም ሌላ ነገር አስመስሎ ያሳያል። እያንዳንዷ ምት አጭርና ሹል ስለሆነች ከ86.6 በላይ ያሉ ድግግሞሾችንም ታነቃለች፤ ለዚህ ነው ፍጥነቱ የሚያስፈልገው።

ስለዚህ በፍጥነት መለካቱ የማይቀር ነው። ጥያቄው ስሌቱ የት ይሠራ የሚለው ብቻ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። በየሞተሩ ላይ ሴንሰሩን የሚያነብ አንድ ኢኤስፒ32 ቦርድ አለ። እግረ መንገዴን፦ ይህን ሴንሰር በአይስኩዌርድሲ መስመር ካገናኛችሁት፣ በ400 ኪሎኸርዝ እንኳ ሊያስተማምን የሚችለው በሰከንድ 800 ልኬት ብቻ ነው። ለ3,200 ኤስፒአይ የሚባለው ፈጣኑ መስመር ያስፈልጋል። የመረጃ ሰነዱ ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ ብዙ ሰው ግን ሳያየው ያልፋል። ቦርዱ ጥሬውን ዳታ በግቢው ዋይፋይ ራስፕቤሪ ፓይ 4 ወደተባለ አንድ ትንሽ ኮምፒውተር ይልካል። የግቢውን ዳታ ሰብስቦ ወደ ውጪ የሚያሳልፈው ጌትዌይ እሱ ነው። የአሥራ ሁለቱ ዳታ ለአንድ የግቢ ዋይፋይ ምንም አይደለም፤ የሚከብደው ለውጪው መስመር ነው።

ጌትዌዩ 4,096 ልኬቶችን አንድ ላይ ይወስዳል። 1.28 ሰከንድ መሆኑ ነው። በእነሱ ላይ የፉሪየር ስሌት ይሠራና ንዝረቱን በድግግሞሽ ይዘረዝራል፤ በ0.78 ኸርዝ ልዩነት ያሉ መስመሮችን መለየት ይችላል። ከዚያ በየአሥር ሰከንዱ ለክላውዱ ይህን ብቻ ይልካል፦

```json
{"id":"P07","seq":418822,"ts":1718000000,
 "rms":2.1,"kurt":4.6,"bpfo":0.31}
```

`rms` ጠቅላላ የንዝረት መጠን ነው፣ በሚሊሜትር በሰከንድ። `kurt` የምቶቹን ሹልነት የሚነግር ቁጥር ነው፤ ጤነኛ ኩሽኔታ ላይ 3 አካባቢ ይውላል። `bpfo` ደግሞ የዚያች 86.6 ኸርዝ መስመር ጉልበት ነው። መልእክቱ ከነሽፋኑ 200 ባይት ቢሆን እንኳ የአሥራ ሁለቱ ፓምፕ ድምር በቀን 21 ሜጋባይት አይሞላም። ከ20 ጊጋባይት ጋር ሲተያይ አንድ ሺህኛ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ ብዙዎች «አለቀ» ብለው ይሄዳሉ። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ወገን ነበር፦ የተጣለው ዳታ። አንዴ ከጠቀለላችሁትና ጥሬውን ከጣላችሁት በኋላ ያለፈውን አዲስ ጥያቄ መጠየቅ አትችሉም። ከ`rms` ተነስቶ ጥሬውን ንዝረት መልሶ የሚሠራ ማንም የለም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ጨመርኩ። አንደኛ፣ ጌትዌዩ ላይ ኤስኤስዲ ተሰካ፤ የመጨረሻው ሳምንት ጥሬ ዳታ እዚያ ይቀመጣል። 140 ጊጋባይት ገደማ ነው። አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይጠፋል። ሚሞሪ ካርድ ላይ እንዲህ ዓይነት የማያቋርጥ ጽሕፈት አትጫኑ፤ ቶሎ ይሞታል። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ፓምፕ በየሰዓቱ አሥር ሰከንድ ጥሬ ዳታ እንደወረደ ወደ ክላውድ ይሄዳል። አንዱ ቁራጭ 192 ኪሎባይት ነው፤ የሁሉም ድምር በቀን 55 ሜጋባይት ገደማ። ከማጠቃለያዎቹ ይበልጣል። ሲያዩት ቅንጦት ይመስላል፤ «ለምኑ ነው?» ተብያለሁም።

ጥቅሙ በፓምፕ ሰባት ታየ። መጀመሪያ ላይ መልእክቱ `bpfo` አልነበረውም፤ የኩሽኔታዎቹ ቁጥር ገና ተጣርቶ አላለቀም ነበር። የፓምፕ ሰባት `rms` 2.1 ላይ ተቀምጧል፣ ንቅንቅ አይልም። በእሱ ብቻ የሚፈርድ ሰው ፓምፑ ሰላም ነው ይላል። `kurt` ግን ከ3 ተነስቶ ቀስ በቀስ 4.6 ደረሰ። ጥሬውን ከጌትዌዩ አውርጄ ስዘረዝረው 86.6 ላይ አንድ መስመር ቆሟል። 173 ላይ ሌላ፣ 260 ላይ ሌላ፤ እጥፉና ሦስት እጥፉ መሆናቸው ነው። እንዲህ በእኩል ርቀት የተሰለፉ መስመሮች የውጭ ቀለበት ጉዳት ዋና ምልክት ናቸው።

ለመካኒኮቹ አለቃ ሳሳያቸው ግራፉን ብዙም አላዩትም። «ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አሉኝ።

«ቆይ ጋሼ፣ አይቼ ልንገርዎት» አልኩ።

ጌትዌዩ ላይ ያለው ሳምንት አልበቃም፤ መስመሩ በሳምንቱ መጀመሪያም ነበር። ክላውዱ ላይ የተጠራቀሙትን የየሰዓቱን ቁራጮች በአዲሱ ስሌት ከኋላ ወደ ፊት አስኬድኳቸው። መስመሩ ከወለሉ ቀና ማለት የጀመረበት ጊዜ በግልጽ ወጣ። አካሄዱም ዝግ ያለ ነበር። ጋሼም ፓምፑን ወዲያው ማስቆም አያስፈልግም፣ በሚቀጥለው የጥገና ቀን ይፈታል አሉ። ሲፈታ ውጭ ቀለበቱ ላይ የተላጠ ቦታ ተገኘ። `bpfo` መልእክቱ ውስጥ የገባው ከዚያ በኋላ ነው።

ገደቡንም ልናገር። በሰከንድ 3,200 መለካት የሚያሳየው ቢበዛ እስከ 1,600 ኸርዝ ነው። የኩሽኔታ ጉዳት የመጀመሪያ ምልክቱን የሚሰጠው ከዚያ በላይ፣ በብዙ ኪሎኸርዝ ላይ ነው። ስለዚህ እኛ የምንሰማው ዘግይተን ነው። ቀድሞ መስማት የፈለገ ውድ የፒየዞ ሴንሰር መግዛት አለበት፤ የዳታው መጠንም በዚያው ልክ ይጨምራል። ሌላም አለ፦ ሞተሩ ፍጥነቱን በኢንቨርተር የሚቀያይር ከሆነ 86.6 ቋሚ አይሆንም። ፍጥነቱን አብራችሁ ካልለካችሁ የተሳሳተ ቦታ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

አሁን ወደ ሰዓት እንምጣ፤ ጣጣው ያለው እዚያ ነው። ሁሉም ነገር ክላውድ ላይ ሲሆን የሰርቨሩ ሰዓት ሁሌም ትክክል ስለሆነ ማንም አያስበውም። ራስፕቤሪ ፓይ 4 ግን የራሱ ባትሪ ያለው ሰዓት የለውም። መብራት ሄዶ ሲመጣና ኢንተርኔት ከሌለ፣ ከመጥፋቱ በፊት ካስቀመጠው ሰዓት ይቀጥላል። ሁለት ሰዓት ጠፍቶ ቢቆይ ያን ሁለት ሰዓት አያውቀውም። ኢንተርኔት ሲመለስ ሰዓቱ በአንዴ ወደ ፊት ይዘላል፤ በመሃል የተለካው ሁሉ ግን ከእውነቱ ሁለት ሰዓት የቀደመ ማኅተም ይዞ ይቀራል። ክላውዱ ላይ ፓምፑ ቆሞ በነበረበት ሰዓት ሲሠራ ይታያል። መድኃኒቱ ዲኤስ3231 የተባለች ባለ ባትሪ የሰዓት ቺፕ ናት፤ ዋጋዋ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ከእሷ ጋር `seq` አለ፦ በእያንዳንዱ መልእክት በአንድ የሚጨምር፣ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ ቁጥር። ሰዓቱ ቢዋሽ እንኳ ቅደም ተከተሉ አይጠፋም።

`seq` ሌላም ሥራ አለው። የምንልከው ኤምኪውቲቲ በተባለው የመልእክት ፕሮቶኮል ነው፣ በማድረሻ ደረጃ 1። ይህ ደረጃ መልእክቱ ቢያንስ አንዴ እንደሚደርስ ነው ቃል የሚገባው፤ ሁለቴም ሊደርስ ይችላል። መስመሩ ሲቆራረጥ በእርግጥም ሁለቴ ይደርሳል። ክላውዱ በፓምፕ መለያውና በ`seq` እያመሳከረ ድጋሚውን ይጥላል።

ኔትወርክ ጠፍቶ ሲመለስ ደግሞ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ከትናንት የቆየ ልኬት ዛሬ ሲደርስ ክላውዱ የአሁን መስሎት ስልክ ያስጮሃል። ስለዚህ የቆየው በሌላ ቶፒክ፣ ማለትም በተለየ የመልእክት አድራሻ ነው የሚሄደው፤ ግራፉን ይሞላል እንጂ ማስጠንቀቂያ አያስነሳም። ትኩሱ ቅድሚያ ያገኛል፣ የተጠራቀመው ከኋላ ቀስ እያለ ይወጣል።

አስቸኳዩ ማስጠንቀቂያ ክላውዱን አይጠብቅም። `rms` ከተቀመጠለት ገደብ ለተከታታይ ሠላሳ ሰከንድ ካለፈ ጌትዌዩ ራሱ ሪሌ ይጫናል፤ ግቢው ውስጥ ያለው ደወል ይጮሃል። ኢንተርኔት ኖረም አልኖረም። ስሌትን እንዲህ ከሴንሰሩ አጠገብ መሥራት ኤጅ ይባላል፤ ብዙ ሰው ኤጅ ሲባል ስለ ሚሊሰከንድ ያወራል። ለፓምፕ ሚሊሰከንድ ግድ አይሰጠውም፤ ግድ የሚለው ኔትወርኩ በጠፋ ሌሊት ደወሉ መጮኹ ነው።

ክላውዱ ታዲያ ሥራ ፈት አይደለም። ገደቡን የሚወስነው እሱ ነው። አሥራ ሁለቱን ፓምፖች ጎን ለጎን አድርጎ፣ ከመሰሎቹ የተለየውን የሚያሳየው እሱ ነው። አንድ ጌትዌይ ዝም ሲል የሚያውቀውም እሱ ብቻ ነው፤ የሞተ መሣሪያ ሞቻለሁ ብሎ አይናገርም። ለዚህ ኤምኪውቲቲ ጥሩ ዘዴ አለው። ጌትዌዩ ሲገናኝ «ድንገት ብጠፋ ይህን ንገሩልኝ» ብሎ ኑዛዜ ያስቀምጣል፤ ግንኙነቱ በወጉ ሳይዘጋ ከተቋረጠ መልእክቶቹን ተቀብሎ የሚያከፋፍለው ሰርቨር፣ ብሮከሩ፣ ያንን መልእክት ያሰራጫል።

እዚያው ግቢ ውስጥ የታንከሩን የውሃ ከፍታ የሚለካ ሴንሰርም አለ። በደቂቃ አንድ ቁጥር ይልካል። ለእሱ ጌትዌዩ ላይ ምንም ስሌት አልጻፍኩም፤ ቁጥሩ እንደመጣ ወደ ክላውድ ያልፋል።