ጭረቱንና ንቅሳቱን መለየት፦ አንድ የቆየ ፎቶግራፍ ያደስኩበት መንገድ

ደብረ ብርሃን በምሠራበት ፎቶ ቤት ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት የእናታቸውን የወጣትነት ፎቶግራፍ አሳድስላቸው ዘንድ ሰጡኝ። ፎቶግራፉ ጥቁርና ነጭ ሲሆን መጠኑ 9 በ12 ሴንቲ ሜትር ነው። ጣሪያ አፍስሶበት በላይኛው ክፍል ቡናማ እድፍ ይዟል፤ ፊቷና አንገቷ ላይ ነጫጭ ጭረት አለ፤ ከትከሻዋ የተነሣ ቅዳድም የነጠላዋን ጥለት አቋርጦ እስከ ግራ ዓይኗ ጥግ ደርሷል።

ስካን ያደረግሁት በ600 ዲፒአይ በ16 ቢት ሲሆን፣ ፎቶግራፉ ቀለም ባይኖረውም በቀለም ነው። ምክንያቱም ቡናማና ቢጫ እድፍ ከሁሉ በላይ ሰማያዊውን ብርሃን ስለሚውጥና ቀዩን ስለሚመልስ ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ብርሃን ምስል ለየብቻ የሚታይበትን Channels ከፍቼ አንድ በአንድ ስመለከት፣ በ Blue ላይ እድፉ እንደ ጥቁር ደመና ምስሉን ጋርዶታል፤ በ Red ላይ ግን የቀረው ውኃው የደረቀበት ቀጭን የዳር መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ Red የሚለውን ብቻ ወስጄ ወደ ጥቁርና ነጭ ለወጥሁት፤ የዳር መስመሩንም በ Curves እየገፋሁ ከአካባቢው ጋር አስተካከልሁት። ገና ሲጀመር በግራጫ ስካን ቢደረግ ኖሮ ይህ በር ይዘጋ ነበር።

ጭረቱን በተመለከተ ብዙዎች የሚሮጡት Dust & Scratches ወደሚባለው ማጣሪያ ነው። ማጣሪያው አንዱን ነጥብ ከዙሪያው ካሉት ጋር ያስተያይና የተለየውን በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መካከል ላይ በሚውለው ዋጋ ይተካዋል፤ ስለዚህ በተሰጠው Radius መጠን ጠባብ የሆነውን ሁሉ፣ ጭረትም ይሁን ሌላ ነገር፣ ያጠፋል። በዚህ ፎቶግራፍ ላይ ሰፊው ጭረት 8 ፒክሰል ያህል ነበር፤ በአንገቷ ዙሪያ የተነቀሰችው መስመርም ከዚያ አይሰፋም፤ ማተቧ ደግሞ ከሁለቱም ይቀጥናል። በአንድ ቅጂ ላይ ማጣሪያውን ሞክሬ ፎቶግራፉን ላመጡት እናት ባሳየኋቸው ጊዜ ጭረቱን ጨርሰው አላዩትም። «ልጄ፣ ንቅሳቷ የት ገባ? ያለ እሱ እኮ እናቴ አትመስለኝም» አሉኝ።

መፍትሔው የመጣው ከብርሃን ነው። ጭረቱ ነጭ፣ ንቅሳቱና ማተቡ ጥቁር ናቸው። የተጣራውን ቅጂ ከዋናው በላይ አንጥፌ የንብብሩን ስልት ከሁለቱ የጨለመውን ብቻ የሚያሳየውን Darken ባደረግሁት ጊዜ፣ የተተካው ከዙሪያው የነጣው ብቻ ሆነ፤ ጥቁሩ መስመር ሳይነካ ቀረ። ሆኖም ይህም ቢሆን በዓይኗ ውስጥ ያለችውን የብርሃን ነጥብና በግንባሯ ጠርዝ ብርሃን የመታቸውን ፀጉሮች እንደ ጭረት ቆጥሮ ያጨልማቸዋል፤ ስለዚህ ሁሉን በጥቁር ማስክ ሸፍኜ፣ ጭረቱ ባለበት ብቻ በቀጭን ነጭ ብሩሽ ገለጥሁት። ጭረት ንቅሳቱን በሚያቋርጥበት ቦታ ማጣሪያው ክፍተቱን በቆዳ ቀለም ስለሚሞላው መስመሩ የተቆረጠ ይመስላል፤ እነዚያን በ Clone Stamp ከዚያው መስመር እየወሰድሁ በእጄ ቀጠልኋቸው።

ከኋላ ያለው መጋረጃ ግን የእጅ ሥራ አያስፈልገውም፤ ደብዛዛና ወጥ ስለሆነ፣ ፎቶሾፕ ዙሪያውን አይቶ በራሱ የሚሞላበት Content-Aware Fill በደህና ይሞላዋል። እዚያ ጊዜ ማባከን ዋጋ የለውም ባይ ነኝ።

ቅዳዱ ዋናው ሥራ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ትንሽ ተንሸራተው ስለነበር፣ አንዱን ወገን በ Lasso ቆርጬ ለብቻው ካነሣሁ በኋላ የጥለቱ መስመር እስኪጋጠም አንቀሳቀስሁት። በመካከል የቀረውን ነጭ የወረቀት ጠርዝ Content-Aware Fill እንዲሞላው ስሞክር፣ ያመጣው ጥለት ከሩቅ ያምራል፤ ሲቀርቡት ግን የጥለቱ ማዕዘኖች ተራቸውን ስተዋል፤ አንዱ ረድፍም ጨርሶ ጠፍቷል። የሸማ ጥለት ሸማኔው የሚቆጥረው ተራ ስላለው፣ ከዚያው ጥለት ያልተጎዳውን ክፍል በ Clone Source አዘንብዬ፣ ከትከሻዋ እጥፋት ጋር እንዲሄድ አድርጌ ወሰድሁ። Healing Brush የተባለው እዚህ አይሆንም፤ የነጩና የጥቁሩ ድንበር አጠገብ ሲደርስ የጎረቤቱን ጥላ ይጎትትና ያድበሰብሰዋል፤ እሱን ለጉንጯ አቆየሁት።

ለዓይኗ ጥግ ቀኝ ዓይኗን ገልብጦ መለጠፍ ቀላል ነበር፤ ብዙ ባለሙያም ያደርገዋል። እኔ አልተቀበልሁትም፤ ብርሃኑ ከአንድ ወገን ስለመጣ የሁለቱ ዓይኖች ጥላ አንድ አይደለም፤ የሰው ፊትም ግራና ቀኙ አይመሳሰልም። የጠፋው የሽፋሽፍቷ ጫፍ ብቻ ስለነበር፣ ከዚያው ዓይን ቀሪ ጠርዝ አራዝሜ አበቃሁ። በመጨረሻ የሞላኋቸው ቦታዎች ለስላሳ ሆነው እንዳይታወቁ፣ በዙሪያቸው ያለውን የፎቶግራፍ ቅንጣት በሚመስል መጠን Add Noise ጨመርሁባቸው። ተቀዶ ጨርሶ የጠፋውን የታችኛውን ጥግ ግን አልፈጠርሁትም፤ ፎቶግራፉን ካመጡት እናት ጋር ተስማምተን ህትመቱን ከዚያ በላይ ቆረጥሁት።