80 ለ20 ብለን ፈረምን፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አፈረስነው

ከጓደኛዬ ጋር ዳቦ ቤት የከፈትነው በ2014 ዓ.ም. ጀሞ አካባቢ ነው። እኔ መኪናዬን ሸጬና የዓመታት ቁጠባዬን አውጥቼ 1,600,000 ብር አመጣሁ። እሷ 400,000 ብር ነበራት። ያ ደግሞ ያላት በሙሉ ነው። ዳቦ የምታውቀው ግን እሷ ናት። ሰባት ዓመት በሌላ ሰው ዳቦ ቤት ሠርታለች። እኔ የቢሮ ሥራዬን አልለቀቅኩም፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እየሄድኩ ሒሳብ አያለሁ።

ምዝገባው እንደሚወራው አያስፈራም። የንግድ ስም አስፈቀድን፣ የቤት ኪራይ ውል አስጸደቅን፣ ገንዘቡን በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም በተከፈተ ዝግ ሒሳብ አስገባን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አወጣን፣ ንግድ ፈቃድ ወሰድን። ይህን ሁሉ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ ይጨርስላችኋል። ማንም የማይጨርስላችሁ፣ እኔም ማንም ሳያስጠነቅቀኝ የገባሁበት፣ የመመሥረቻ ጽሑፉ ላይ ያለችው አንዲት ሠንጠረዥ ናት፦ የማን ስንት አክሲዮን።

የእኛ ሠንጠረዥ እንዲህ ትላለች። ካፒታል 2,000,000 ብር፣ የአንዱ አክሲዮን ዋጋ 1,000 ብር፣ የእኔ 1,600 አክሲዮን፣ የእሷ 400። ሰማንያ ለሃያ። ከመፈረማችን በፊት ማታ እሷ ቤት ቁጭ ብለን ሁለት አንቀጽ በእጃችን ጽፈን ነበር። አንዱ የእሷ ደመወዝ ስንት እንደሆነና ያልተከፈለው የት እንደሚመዘገብ ይናገራል። ሁለተኛው ከሁለት አንዳችን ብንወጣ አክሲዮኑ በምን ዋጋ እንደሚገዛ። ውል የሚጸድቅበት ቢሮ ስንደርስ መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛ ወረቀታችንን በእስክሪብቶ ጫፍ ወደ እኛ ገፋችውና «እኛ ጋ ናሙናው አለ፤ በእሱ ሞልታችሁ ኑ» አለችን። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። አንቀጾቹን የሚከለክል ሕግ አላሳየችንም፤ እኔም አሳዪኝ አላልኩም። የቤት ኪራዩ መቆጠር ጀምሯል፣ ምድጃው ጉምሩክ ጨርሶ መጋዘን ተቀምጧል፣ ቸኩያለሁ። ዛሬም ስለዚያች ሴት ሳስብ ይከነክነኛል። ከእሷ ይልቅ ግን በራሴ እናደዳለሁ፤ ምክንያቱም ሰማንያ የሚለው ቁጥር ደስ ብሎኝ ነበር። ናሙናው ጓደኛዬን እንጂ እኔን እንደማይጎዳ ሆዴ ያውቀዋል።

የመጀመሪያው ዓመት አለፈ። ትርፍ የለም፣ ስለዚህ ጠብም የለም። እሷ ማታ ሦስት ሰዓት ትገባለች፣ ሊጥ ታቦካለች፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የመጀመሪያው ትሪ ከምድጃ ይወጣል፣ ጠዋት ለካፌዎቹ አድርሳ ትተኛለች። አንድ ሌሊት መብራት ጠፍቶ የአንድ ኩንታል ሊጥ ኩፍ ብሎ አልፎ በእጇ ሲቀር ደውላልኝ ነበር፤ ስልኬ ዝግ ነበር። የምትወስደው በወር 8,000 ብር ነው። እሷን የሚያህል ዋና ጋጋሪ ብንቀጥር ኖሮ በዚያን ጊዜ 18,000 ብር እንከፍል ነበር። በየወሩ 10,000 ብር ሳትቀበል ትተዋለች ማለት ነው። የትም አልተጻፈም።

በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ሒሳብ አዋቂው ሊከፋፈል የሚችል 600,000 ብር ትርፍ አለ አለን። ደስ ብሎኝ ቅዳሜ ጠዋት ሄድኩ። እሷ ገና አልተኛችም፤ ዱቄት ቅንድቧ ላይ ሳይቀር ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ፦ 480,000 ለእኔ፣ 120,000 ለእሷ። ዝም ብላ አየችው። ከዚያ የዱቄት ከረጢት ላይ በእስክሪብቶ አካፈለች፣ 120,000 ለ300 ሌሊት። «ለአንድ ሌሊት አራት መቶ ብር። አንቺስ ለአንድ ቅዳሜ ስንት ደረሰሽ?» አለችኝ። አልመለስኩላትም። በሚቀጥለው ሰኞ ማታ አልገባችም። ካፌዎቹ ማክሰኞ ጠዋት ከሌላ ቦታ ገዙ።

አሥራ ሁለት ቀን ዘግተናል። በእነዚያ ቀናት የገባኝ ነገር ቀላል ነው፤ ግን ከመፈረማችን በፊት ማንም አልነገረኝም። ገንዘብ አንዴ ይገባና ይቆማል፤ ሥራ በየሌሊቱ ይገባል። እኛ ግን ሁለቱን በአንድ ቁጥር አስረን፣ አንዴ ለገባው ገንዘብ የዘላለም ሰማንያ በመቶ ሰጠነው። እኔ ያመጣሁት ገንዘብ በሦስት ዓመት ተመልሶልኝ ቢያልቅ እንኳ ሰማንያው አያልቅም።

ሌላው ድምፅ ነው። በእኛ መመሥረቻ ጽሑፍ ደንቡን ለመለወጥ የሚያስፈልገው የካፒታሉ ሦስት አራተኛ ድምፅ ነበር። እኔ ብቻዬን ሰማንያ ስለያዝኩ፣ እሷን ሳልጠይቅ ሁሉን መለወጥ እችል ነበር። አላደረግኩትም፤ እሷ ግን ታውቃለች። ሁለተኛ ማቡኪያ ማሽን ሳላማክራት ስገዛ ያኮረፈችው ለማሽኑ መስሎኝ ነበር። ገንዘብ የሚያንሰው ወገን ማስላት ያለበት ከትርፉ በፊት ይህን ነው። ከሃያ አምስት በመቶ በላይ የያዘ ሰው እንዲህ ባለው ደንብ ሳይስማማ ደንቡ አይለወጥም። ሃያና ሃያ ስድስት በትርፍ ብዙ አይራራቁም፤ በድምፅ ግን አንዱ እንግዳ ነው፣ ሌላው ባለቤት።

አስታራቂ የሆነችን የእሷ አክስት ናት። እትዬ ሁለታችንንም አስቀምጣ መጀመሪያ ያስደረገችን ያልተከፈለውን መቁጠር ነው። 10,000 ብር በ24 ወር፣ 240,000 ብር። ያ ገንዘብ እሷ በድርጅቱ ያስገባችው ነው፤ በባንክ ስላላለፈ ብቻ አልቆጠርነውም። ከ400,000ው ጋር 640,000 ይሆናል። የእኔ 1,600,000 ነው። ጠቅላላው 2,240,000፣ የእሷ ወደ ሃያ ዘጠኝ በመቶ ይጠጋል። ሥራን ሳይሆን ብር ብቻ ብንቆጥር እንኳ ሃያ ውሸት ነበር።

እኔ ሃያ ዘጠኝ አልኩ፣ እሷ ሃምሳ አለች። ሁለት ቀን ተከራከርን። እኔ የያዝኩት ክርክር፣ ዳቦ ቤቱ ቢከስር የምጠፋው እኔ ነኝ የሚል ነበር፤ እውነት ነው፣ ለአደጋው አንድ ነገር ይገባኛል። እሷ ደግሞ ካፌዎቹ የሚያውቁት እኔን ነው፣ ነገ ብወጣ ይከተሉኛል አለች። አሥራ ሁለቱ ቀን ያንን አሳይቶኛል። ስድሳ ለአርባ ላይ ቆምን። ደመወዟ ከዚያ ወር ጀምሮ የገበያው ሆነ፣ 18,000 ብር። ሦስት ዓመት ሳይሞላት በፈቃዷ ከወጣች የተጨመሩላትን አክሲዮኖች ለእኔ እንድትመልስ ተስማማን። ይህን ያልኩት ስላላመንኳት አይደለም። ድርሻው ለሚመጣው ሥራ ስለተሰጠ፣ ሥራው ካልመጣ መመለስ አለበት።

አሁን የከፋው ክፍል። በመጀመሪያው ቀን ሠንጠረዡ ላይ ስድሳ ለአርባ ብለን ብንጽፍ ወጪ የለውም። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን 400 አክሲዮን ከእኔ ወደ እሷ «ማስተላለፍ» ነው። ቃለ ጉባኤ ጽፈን፣ የማስተላለፊያ ውል አዘጋጅተን ሄድን፤ ግብር ላይ ክሊራንስ አምጡ ተባልን። እኛ በውሉ ላይ የጻፍነው በመነሻ ዋጋ፣ አንዱን በ1,000 ብር ነው። ገማቹ የሒሳብ ሪፖርታችንን አየ። ካፒታል 2,000,000፣ ያልተከፋፈለ ትርፍ 600,000፤ ስለዚህ አንዱ አክሲዮን በመዝገብ 1,300 ብር ይወጣል አለ። ልዩነቱ 300 ብር በ400 አክሲዮን፣ 120,000። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 አክሲዮን ሲተላለፍ በሚገኝ ጥቅም ላይ ያኔ የሚከፈለው 30 በመቶ ነበር፤ 36,000 ብር። አንድ ሳንቲም ያላተረፍኩበትን፣ እንዲያውም የሰጠሁትን ነገር ግብር ከፈልኩ። ለዚህ አምስት ጊዜ ተመላልሻለሁ። ሁለቱ ጊዜ ፋይሉ ስለጠፋ፣ አንዱ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ስለገባ ነው። ትርፉን መጀመሪያ ተከፋፍለን ከዚያ ብናስተላልፍ የመዝገብ ዋጋው ዝቅ ይል እንደነበር የነገረን ሒሳብ አዋቂ ከከፈልን በኋላ ነው የመጣው።

አሁን ብጀምር የማደርገውን ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው ከሚመክረው ይለያል። ሁሉም «ካፒታላችሁን ከፍ አድርጋችሁ አስመዝግቡ፣ ባንክ ያከብራችኋል» ይላል። እኔ አልስማማም። ሁለታችንም እኩል 400,000 አስገብተን ካፒታሉን 800,000 እናደርግ ነበር። የቀረውን 1,200,000 እኔ ለድርጅቱ አበድረዋለሁ። ያስገባነው እኩል ቢሆንም፣ ድርሻውን ተስማምተን ሃምሳ አምስት ለአርባ አምስት ብናደርገው ይበቃኛል። አምስቱ ለአደጋው ነው፤ ደግሞም ሃምሳ ለሃምሳ ሆኖ ሁለታችን ስንጣላ የሚወስን ይጠፋል። ያ 600,000 ትርፍ በዚህ ስሌት ቢመጣ፣ 400,000ው ብድሬን ይመልሳል፣ 200,000ውን ደግሞ 110,000 ለእኔ፣ 90,000 ለእሷ እንካፈላለን። በእጇ የሚገባው በዚያ ዓመት ከ120,000ው ያንሳል፤ ግን ብድሩ 800,000 እንደቀረው፣ በየዓመቱ 400,000 ከተመለሰ በሁለት ዓመት እንደሚያልቅ ታየዋለች። ጓደኛዬን ያስቆጣት የገንዘቡ ማነስ ብቻ አልነበረም፤ ማለቂያ ማጣቱ ነው።

ብድሩን ግን በቃል አታድርጉት። በጽሑፍ ይሁን፣ በባንክ ይለፍ፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በሒሳብ መዝገቡ ዕዳ ተብሎ ይቀመጥ። በጥሬ ገንዘብ ሰጥታችሁ ከዓመት በኋላ «ብድሬን ልውሰድ» ብትሉ፣ ትርፍ ያከፋፈላችሁ መስሎ ግብር ይጠየቅበታል። ወለድ አያስፈልግም የሚሉ አሉ፤ ዋጋ በየዓመቱ እንዲህ እየወጣ 1,200,000 ብር በአራት ዓመት ያው 1,200,000 አይደለም። ወይ መጠነኛ ወለድ ጻፉ፣ ወይ እንደ እኔ አምስት በመቶ ድርሻ ውሰዱበት፤ ሁለቱንም አትውሰዱ።

ናሙናውን በተመለከተ፣ በሁለተኛው ዙር የደመወዙንና የመልሶ መግዛቱን አንቀጽ በማሻሻያው ውስጥ አስገብተን ሄድን። ሌላ ሠራተኛ ነበር፤ «ናሙናው ላይ የለም» አለ። በዚህ ጊዜ «የሚከለክለውን አንቀጽ ቁጥር ንገረኝ» አልኩት። ወደ ውስጥ ገባ፣ ሃያ ደቂቃ ቆየ፣ ማኅተሙን ይዞ ወጣ። ጓደኛዬ ሌሊቱን ሠርታ ስለመጣች ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነበር። ቀስቅሻት ፈረመች።