ብድሩ ሽያጭ ተብሎ የመጣ ቀን

የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ሦስት ገጽ ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱ ቅሬታ አጣሪ ክፍል ስንቀርብ የተመደበችልን ባለሙያ ገለጥ ገለጥ አድርጋ አየችውና «አቶ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ይኼ ልመና ነው እንጂ ቅሬታ አይደለም» አለችኝ። ሒሳባቸውን የምሠራላቸው ጋሼ አጠገቤ ቆመዋል። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጋሼ ድርጅት አነስተኛ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማህበር ነው። ባለድርሻዎቹ እሳቸውና ባለቤታቸው ናቸው። በ2014 ጥቅምት ላይ ማሽን ሊገዙ ገንዘብ አጠራቸውና ከአማቻቸው፣ ማለትም ከሚስታቸው ወንድም፣ 600,000 ብር ተበደሩ። 450,000ው በባንክ ከአማቻቸው ሂሳብ ወደ ድርጅቱ ሂሳብ ተላለፈ። 150,000ውን ደግሞ አማቻቸው ከሱቁ መሳቢያ አውጥቶ በእጃቸው ሰጣቸው፣ ጋሼም በማግስቱ ራሳቸው ባንክ አስገቡት። ውል የለም። የቤተሰብ ነገር ነዋ፣ ማን ውል ይጽፋል?

በ2016 የግብር ኦዲተር መጣ። የሠራው ስሌት ቀላል ነው፤ የዓመቱን የባንክ ገቢ ደመረ፣ ካሳወቅነው ሽያጭ ጋር አወዳደረ፣ 600,000 ብር በለጠ። የበለጠው ሁሉ ያልተገለጸ ሽያጭ ተባለ። በ30 በመቶ የንግድ ትርፍ ግብሩ ብቻ 180,000 ብር ነው፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ፣ ቅጣቱና ወለዱ ከዚያ በላይ። በዚያው ውሳኔ ላይ ደረሰኝ የሌለው የ40,000 ብር ወጪም ውድቅ ተደርጓል። እሱ ላይ ልክ ነበሩ፣ ምን ይባላል።

ኦዲተሩን መሳደብ ቀላል ነው፤ እኔም ሰድቤዋለሁ። ግን የኔን መዝገብ ከፍቶ ሲያይ ምን አገኘ? ብድር የሚል መስመር የለም። ውል ስላልነበረ ያንን 600,000 ብር የመዘገብኩት «የባለድርሻ ሂሳብ» ውስጥ ነው፣ ጋሼ ከኪሳቸው ያስገቡት ይመስል። የዓመቱ መጨረሻ የሀብትና ዕዳ መግለጫ ላይ የሚከፈል ብድር ዜሮ ነው። ራሴ ዕዳ የለብንም ብዬ ፈርሜ ያስገባሁትን ሰነድ ይዞ ብድር ነው ብዬ ብጮህ ማን ይሰማኛል?

ጊዜውም አጭር ነው። በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ቅሬታ የሚቀርበው የውሳኔው ማስታወቂያ ከደረሰ በ21 ቀን ውስጥ ነው። ጋሼ ደብዳቤውን «ስትመጣ አሳይሃለሁ» ብለው መሳቢያ ውስጥ 12 ቀን አስተኝተውታል። እኔ ሳየው ዘጠኝ ቀን ቀርቷል። ደንግጬ በሁለት ሌሊት ያንን ሦስት ገጽ ጻፍኩ፤ ድርጅቱ ስንት ሠራተኛ እንደሚያስተዳድር፣ ጋሼ ለሃያ ዓመት ታማኝ ግብር ከፋይ እንደሆኑ፣ ገበያው እንደቀዘቀዘ... ብድር የሚለው ቃል የገባው ሁለተኛው ገጽ መሃል ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ባለሙያዋ ግን ደግ ሰው ነበረች። «ሦስት ነገር ነው የምፈልገው» አለች። «የትኛውን ቁጥር ነው የምትቃወሙት? ምን ተብሎ እንዲስተካከል ነው የምትፈልጉት? ለምን? ማስረጃውን ከሥሩ አያይዙ። የማትቃወሙትን ደግሞ አስቀድማችሁ ክፈሉ፣ አለበለዚያ ማመልከቻው ተቀባይነት የለውም።» የ40,000ው ወጪ ግብር 12,000 ብር ነው። በዚያው ቀን ከፈልነው።

ማታ ጋሼ ቢሮ ተቀመጥን። ሻይ አስመጥተው አንድ ሐሳብ አመጡ። «ለምን ውሉን አሁን ጽፈን በጥቅምት 2014 ቀን አናደርገውም? አማቼ ይፈርማል።»

አይሆንም አልኳቸው። ሐሰት መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ደግሞ አንድ ሰው ወረቀቱን ቢጠረጥር እውነተኛው ማስረጃችንም አብሮ ይበላሻል። ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት የሚለው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 እንዳለ አውቃለሁ፤ ስለዚህ የጽሑፍ ነገር ያስፈልገናል። ግን በዛሬው ቀን የተጻፈ። ተበዳሪና አበዳሪ «በዚህ ቀን ይህን ያህል ብር ተበድሬያለሁ፣ ይህን ያህል መልሻለሁ፣ ይህን ያህል ይቀራል» ብለው የዛሬን ቀን ጽፈው በሁለት ምስክር ፊት ይፈርማሉ። ወረቀቱ ዘግይቶ መጻፉን አንደብቅም።

«መልሻለሁ» ስል ራሴው ነቃሁ። ጋሼ መልሰዋል! ከሚያዝያ 2014 ጀምሮ በአራት ጊዜ 50,000፣ 50,000 እያሉ 200,000 ብር ወደዚያው የአማቻቸው ሂሳብ አስተላልፈዋል። ኦዲት ይመጣል ብሎ ማንም ሳያስብ። ኦዲተሩ የደመረው የገባውን እንጂ የወጣውን አላየም፤ እኔም የወጣውን «የባለድርሻ ወጪ» ብዬ ቀብሬዋለሁ። ሽያጭ ቢሆን ኖሮ ለገዢው በየጊዜው 50,000 የሚመልስ ነጋዴ አለ እንዴ? ከውሉም ከማህተሙም በላይ የጠቀመን ይኼ ነው።

የቀረው አማቹ ነበር። የባንክ ስቴትመንቱን ስንለምነው ፊቱ ተለወጠ። እሱም ነጋዴ ነው። «ነገ እኔ ቤት ቢመጡስ?» አለ። አይፈረድበትም፣ ማንም ይፈራል። ሁለት ቀን ተለመነ። በመጨረሻ እህቱ ደወለችለት፤ ከዚያ በኋላ ገንዘቡ የወጣበትንና የተመለሰባቸውን ቀኖች የያዙትን ገጾች ባንኩ ማህተም አድርጎባቸው አመጣ። ሌላውን ገጽ አልሰጠንም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ሁለተኛው ደብዳቤ አንድ ገጽ ከሩብ ሆነ። በ20ኛው ቀን ገቢ ተደረገ። ዋናው ክፍል እንዲህ ይላል፦

«የምንቃወመው በውሳኔው ላይ ያልተገለጸ ሽያጭ ተብሎ የተያዘውን 600,000 ብር ነው። ገንዘቡ የተገኘው ዕቃ ወይም አገልግሎት በመሸጥ ሳይሆን መመለስ ያለበት ብድር በመቀበል ነው። ገንዘቡ የመጣበት ሂሳብ በአባሪ 1፣ የተመለሰው 200,000 ብር በአባሪ 2፣ የተዋዋዮቹ የማረጋገጫ ጽሑፍ በአባሪ 3 ተያይዟል። በመዝገባችን የባለድርሻ ሂሳብ ተብሎ የተመዘገበው በስህተት ሲሆን ማስተካከያው በአባሪ 4 ቀርቧል። መጠኑ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢ ላይ እንዲቀነስልን እንጠይቃለን።»

ስህተቱን ራሳችን መናገራችን ጋሼን አስፈርቷቸው ነበር። እኔ ግን እነሱ ራሳቸው ከሚያገኙት እኛ ብንነግራቸው ይሻላል አልኩ። የባለድርሻ ሂሳብ ቢሆንም ደግሞ ሽያጭ አይሆንም።

ውሳኔው ከወራት በኋላ መጣ። 450,000ው ሙሉ በሙሉ ተቀነሰ። ግብሩ ብቻ 135,000 ብር ወረደ። 150,000ው ግን ቀረ። ከመሳቢያ የወጣ ጥሬ ገንዘብ ነዋ፤ የባንክ ወረቀቱ ላይ አስገቢ ሆነው የተጻፉት ጋሼ ናቸው፣ ከአማቹ ወገን ምንም ዱካ የለም። ከሁለት ዓመት በኋላ የተጻፈ የማረጋገጫ ጽሑፍ ብቻውን አላሳመናቸውም። የማስረዳት ግዴታው ደግሞ የእኛ ነው።

ወደ ታክስ ይግባኝ ሰሚ ኮሚሽን እንሂድ አልኳቸው። 30 ቀን አለን፤ ግን በክርክር ላይ ካለው ታክስ ግማሹን ማስያዝ ያስፈልጋል። ጋሼ ትንሽ አሰቡና «ተወው፣ እሱን የከሰርነው በኔ ኪስ ነው» አሉ።

ባለፈው ወር የቀረውን ብድር ከፍለው ጨረሱ። በባንክ። ምክንያት በሚለው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ደውለው ጠየቁኝና ፊደል በፊደል አስጻፍኳቸው።