አንድ ዜማ በሁለት ሰው አንደበት፦ ሌ ሚዜራብልን በጆሮዬ የተከታተልኩበት መንገድ

ሙዚቃዊ ተውኔት እያያችሁ ከእረፍት በኋላ አዲስ ዘፈን ሲጀምር ጆሯችሁ «ይህንንማ ሰምቼዋለሁ» ብሏችሁ ያውቃል? ግጥሙ አዲስ ነው። ዘፋኙም ሌላ ሰው ነው። ተመልሶ የመጣው ዜማው ብቻ ነው። እኔ ይህ ዜማ ለምን እዚህ ቦታ ላይ፣ ለምንስ ለዚህ ሰው ተሰጠ የሚለው ጥያቄ አልለቀኝ አለ። ስለዚህ ሌ ሚዜራብልን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለዚህ ጥያቄ ብዬ አደመጥኩት።

ይህን ሥራ የመረጥኩት ምክንያት አለኝ። ከቪክቶር ሁጎ ልቦለድ የተወሰደ ሲሆን ሙዚቃው የክሎድ ሚሼል ሾንበርግ ነው። በፈረንሳይኛ በ1980 ፓሪስ ላይ ታየ። በኸርበርት ክሬትዝመር የእንግሊዝኛ ግጥም ደግሞ በ1985 ለንደን ላይ ተከፈተ። ዋናው ነገር ግን ከዳር እስከ ዳር የሚዘፈን መሆኑ ነው። ሰዎቹ ሲከራከሩም፣ ሲለማመጡም፣ ሲሞቱም በዜማ ነው። ስለዚህ ዜማው ከታሪኩ ጋር አብሮ ይሠራል።

መጀመሪያ ያደረግኩት ሙሉውን ቅጂ መፈለግ ነው። ብዙዎቹ አልበሞች የታወቁትን ዘፈኖች መርጠው በመሃል ያሉትን አጫጭር ቅብብሎች ይቆርጣሉ። ዜማዎች ተደብቀው የሚመለሱት ደግሞ እዚያው መሃል ላይ ነው። «ኮምፕሊት ሲምፎኒክ ሪከርዲንግ» የሚባለው ቅጂ ሁሉንም ይዟል። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ብቻ ጻፍኩ፦ ዜማውን መጀመሪያ ማን ዘፈነው፣ ቀጥሎ ማን ወሰደው፣ ያ ሰው በዚያ ቅጽበት ምን ሆኖ ነበር።

አንድ ዜማ በእርግጥ የተመለሰ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። የአንዱን ዘፈን ግጥም በሌላው ዜማ መዝፈን ነው። ሳይጎትት፣ ሳይጣበብ ከገጠመ፣ የድምፁ መውጣትና መውረድም ያው ከሆነ ዜማው አንድ ነው። ስሜቱ ብቻ ከተመሳሰለ ግን ግጥሙ መሃል ላይ ይሰናከላል።

ይህን ፈተና የሞከርኩት ኤፖኒን ብቻዋን በፓሪስ ጎዳና እየሄደች በምትዘፍነው «ኦን ማይ ኦውን» ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ በሦስት ቀለም ይነሳና ትንሽ አረፍ ብሎ በሰባት ቀለም ይዘጋል። ወደ ኋላ ተመልሼ ፋንቲን ልትሞት ስትል የምትዘፍነውን «ካም ቱ ሚ» አዳመጥኩ። ሦስት ቀለም፣ ከዚያ ሰባት። የኤፖኒንን ቃላት በፋንቲን ዜማ ዘፈንኳቸው፤ ልክክ አሉ።

ሁለቱ ሴቶች አይተዋወቁም። ፋንቲን ኤፖኒን አድጋ ሳታያት ነው የምትሞተው። ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል? ሁለቱም ብዙ የተጎዱ ሴቶች መሆናቸው መልስ ሊመስል ይችላል። ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ያልተጎዳ ማን አለ? ስለዚህ ሦስተኛው ጥያቄዬ ጋ ሄድኩ፦ ሲዘፍኑ ምን ላይ ነበሩ? ፋንቲን አልጋ ላይ ሆና ልጇን ኮዜትን ትጠራለች። ኮዜት ግን ክፍሉ ውስጥ የለችም፤ በትኩሳት ዓይን ነው የምታያት። ኤፖኒን የምትወደው ማሪየስ አጠገቧ እንዳለ አድርጋ ታስባለች፤ ማሪየስም የለም። ይህ ዜማ በቦታው ከሌለ ሰው ጋር የሚወራበት ዜማ ነው።

ይህን ካገኘሁ በኋላ መጨረሻው ሌላ ትርጉም ሰጠኝ። የታሪኩ ዋና ሰው ዣን ቫልዣን ሊሞት ሲል ፋንቲን ትመጣለች። የምትዘፍነው ይህንኑ ዜማ ነው፤ እንደገና ሦስትና ሰባት። ኤፖኒንም ትቀላቀላታለች። በዚህኛው ጊዜ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የሌለው ሰው መጥቷል። እስካሁን ወደ ባዶ ሲጣራ የነበረው ዜማ፣ አሁን ሟቹን ሊወስደው የመጣ ሰው ድምፅ ሆነ። እዚህ ቦታ ላይ ብዙ ተመልካች ለምን እንደሚያለቅስ ለራሱም አይገባው ይሆናል። እኔ ግን አንዱ ምክንያት ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

የሥራውን ታሪክ ማየትም ይጠቅማል። በ1980ው የፈረንሳይኛ ቅጂ ይህን ዜማ የምትዘፍነው ፋንቲን ነበረች። ለኤፖኒን የተሰጣት ለለንደን ሲዘጋጅ ነው። ማለትም ይህ ትስስር ከመጀመሪያው ቀን የታሰበ አልነበረም፤ ዜማው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዛወር የተፈጠረ ነው። ይህ ትርጉሙን አያፈርስብኝም። ግን «አቀናባሪው ከመነሻው እንዲህ አስቦ ነው» ከማለት እንድቆጠብ አድርጎኛል። አሁን የምጠይቀው መድረኩ ላይ ምን እንደሚሠራ ነው።

ሁለተኛው ጥንድ ከዚህ የጠነከረ ነው። ቫልዣን የጳጳሱን ብር ሰርቆ ተይዟል። ጳጳሱ ግን «እኔ ነኝ የሰጠሁት» ብለው አስለቅቀውት፣ መቅረዞቹንም ጨምረውለታል። ቫልዣን ብቻውን ሲቀር ምን እንዳደረገ ራሱን እየጠየቀ ይዘፍናል። በታሪኩ ብዙ ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ዕድሜውን ሙሉ ሲያሳድደው የኖረው ፖሊስ ዣቬር በተራው ምሕረት ያገኛል። ሊገድለው የሚችለው ቫልዣን ይለቀዋል። ዣቬር ሴን ወንዝ ላይ ካለው ድልድይ ቆሞ ያንኑ ዜማ ይዘፍናል።

እዚህ ላይ ግጥሙም ይመለሳል። ሁለቱም መጨረሻው ላይ ከዣን ቫልዣን ዓለም አመልጣለሁ የሚል አንድ ዓይነት ስንኝ አላቸው። ቫልዣን ሲለው ከድሮ ማንነቱ መውጣቱ ነው፤ ቀጥሎ ሌላ ታሪክ መጀመር አለበት ይላል። ዣቬር ሲለው ምሕረት የሚባል ነገር ካለበት ዓለም መሸሹ ነው፤ ቀጥሎ የሚሄድበት የለም፣ ወደ ውሃው ይወድቃል። አንድ ዓይነት ስጦታ ለሁለት ሰው ተሰጠ። ዜማው አንድ ስለሆነ ልዩነቱ በሙሉ ሰዎቹ ላይ ይወድቃል። ሁለቱን ተከታትላችሁ አዳምጧቸው፤ እስከ መጨረሻዎቹ ስንኞች ድረስ እኩል ይሄዱና እዚያ ይለያያሉ።

ሁሉም የዜማ መመለስ ግን እንዲህ አይደለም። ሁሉ ነገር በሚዘፈንበት ሥራ አንዳንድ አጫጭር ዜማዎች እንደ ተራ ንግግር መያዣ ያገለግላሉ። አንዱ ሲገባ፣ ሌላው ሲጣላ ይመጣሉ። እነዚህን የምለየው በቦታቸው ነው። ሰውዬው አንድ ነገር የሚወስንበት፣ የሚያጣበት ወይም የሚሞትበት ቦታ ላይ ከሆነ እና ዜማው ረዘም ብሎ ከመጣ እይዘዋለሁ። ሁለት መስመር ብሎ ከጠፋ አልፈዋለሁ።

የጳጳሱ ዜማ በዚህ ፈተና ያልፋል። ጳጳሱ ቫልዣንን ወደ ቤት ሲያስገቡት የሚዘፍኑት ያ ለስላሳ ዜማ፣ ማሪየስ ጓደኞቹ ሁሉ በአመፁ ካለቁ በኋላ በሚዘፍነው «ኢምፕቲ ቼርስ» ይመለሳል። አንዳንዶች የጸሎት መንፈስ ስላላቸው ነው ይላሉ። ለእኔ ግን ከዚያ ያልፋል። ማሪየስ በሕይወት የተረፈው ቫልዣን በፍሳሽ ቦይ ተሸክሞ ስላወጣው ነው። ቫልዣንን ደግሞ ያዳኑት ጳጳሱ ናቸው። ማሪየስ ይህን ሲዘፍን ማን እንዳዳነው ገና አያውቅም። የሚያውቀው በሰርጉ ዕለት፣ ሌባው ቴናርዲዬ ከቦዩ ውስጥ የሰረቀውን ቀለበት ሲያሳየው ነው። በጥሞና ላዳመጠ ሰው ግን ዜማው ቀድሞ ነግሮታል።