ክላውድ ጌም ሲደበዝዝና ሲቆራረጥ፦ ከአዳማ ኮንዶሚኒየም የተያዘ ማስታወሻ

ስፒድ ቴስቱ 24 ሜጋ ቢት ይላል፣ ዩቲዩብም ሳይቆም ይሄዳል፤ ጌሙ ሩቅ ሰርቨር ላይ እየሄደ ምስሉ ብቻ የሚላክበት ክላውድ ጌም ሲከፈት ግን ምስሉ አንዴ ይደበዝዛል፣ አንዴ ይቆራረጣል። ዩቲዩብ ብዙ ሰከንድ ቀድሞ አውርዶ ስለሚይዝ የመስመር መዋዠቅ አይታይበትም። ጌም ላይ ቀድሞ የሚወርድ ነገር የለም፤ ገና ያልተጫነ በተን ውጤቱ ከየት ይመጣል? በ60 ፍሬም አንዱ ምስል ከሌላው በ17 ሚሊሰከንድ ልዩነት መድረስ አለበት።

ብዥታው በአብዛኛው የመስመር ማነስ ነው። የክላውድ ጌም አገልግሎቱ ጂፎርስ ናው ለ1080 ጥራት በ60 ፍሬም 25 ሜጋ ቢት፣ ለ720 ደግሞ 15 ይጠይቃል። 24 ሜጋ ቢት ላይ 1080 ተመርጦ፣ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰው ቪዲዮ ካየ፣ ሰርቨሩ የሚልከውን መጠን ይቀንሳል። ያኔ ሜኑውና ጽሑፉ ጥርት እንዳሉ፣ መኪናው ሲታጠፍ የመንገድ ዳሩ ሳርና ቅጠል ይጨማለቃል። እዚህ ላይ ወደ 720 መውረድ ነው የሚያዋጣው፤ የተራበ 1080 ከጠገበ 720 የባሰ ያስጠላል። የሞባይል ፓኬጅ የምትጠቀሙ ደግሞ አስቡበት፦ 25 ሜጋ ቢት በሰዓት 11 ጊጋ ባይት ይበላል።

መቆራረጡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ላይ ጌሙ እየሄደ፣ ከላፕቶፑ እስከ ራውተሩ ደርሶ መልሱን የሚለካውን ይህን ትእዛዝ አስኪዱ፤ የራውተራችሁ አድራሻ የተለየ ከሆነ ጀርባው ላይ ተጽፏል፦

```
ping -n 100 192.168.1.1
```

አማካዩን ተዉት፣ Maximum የሚለውን እዩ። ራውተሩ በሩ አጠገብ፣ ላፕቶፑ ጓዳ ክፍል ቢሆንና አብዛኛው መልስ 3 ሚሊሰከንድ ሆኖ አልፎ አልፎ 100 ቢዘል፣ በዚያች ቅጽበት ስድስት ምስል ዘግይቷል ማለት ነው። የዋይፋዩ ምልክት ሙሉ መሆኑ አያታልላችሁ፤ እሱ የሚያሳየው የሲግናሉን ጉልበት እንጂ የጎረቤቶቹን ግርግር አይደለም። በ2.4 ጊጋኸርትዝ የፎቁ ራውተሮች ሁሉ ተራ ይጠባበቃሉ፣ የብሉቱዝ ጆይስቲክም እዚያው ነው። 5 ጊጋኸርትዙን በተለየ ስም ከፍታችሁ እሱ ላይ ግቡ። ሁለት የብሎኬት ግድግዳ ካለፈ ግን ይደክማል፤ ያኔ ካት 5ኢ የኔትወርክ ኬብል መዘርጋት ነው። ግድ 2.4 ከሆነ ቻናሉን ከ1፣ 6 እና 11 ባዶ ወደሆነው ቀይሩ።

የራውተሩ ፒንግ ንጹህ ሆኖ ከቤት ውጭ ወዳለው የጉግል ሰርቨር የሚሄደው `ping -n 100 8.8.8.8` ብቻ ከዘለለ፣ ቤት ውስጥ ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ የሚጭን ሰው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። አፕሎዱ ሲሞላ የበተኑ ትእዛዝ ከኋላ ይሰለፋል። ራውተሩ ላይ አፕሎዱን ከአቅሙ 85 በመቶ ላይ መገደብ ሰልፉን ያሳጥረዋል።

ርቀቱን ግን ራውተር አይፈታውም። ከአዳማ ፍራንክፈርት በቀጥታ 5,400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በፋይበር ደርሶ መልስ ብቻ ከ50 ሚሊሰከንድ በላይ ይወስዳል፣ ኬብሉም ቀጥ ብሎ አይሄድም። ጂፎርስ ናው ከ80 ሚሊሰከንድ በታች ስለሚፈልግ፣ ሰርቨሩ አውሮፓ ከሆነ ተኩስና ኳስ ጨዋታ ይዘገያል፤ ተራ በተራ የሚጫወቱት ግን ያለ ችግር ይሄዳሉ።